ፕሮፖዛሉን አልተቀበልንም፣ አቅራቢውን ግን ማጣት አንፈልግም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙ ፕሮፖዛል ሲመጣ ገና ከጅምሩ የሚወድቅ አለ። ለእሱ ሁለት መስመር መልስ ከምስጋና ጋር ይበቃዋል። የሚከብደው ሁለተኛ ለወጣው የሚጻፈው መልስ ነው። ሥራውን ያውቃል፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ለጥቂት ነው ያመለጠው። ያሸነፈው አቅራቢ ነገ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንድ አከፋፋይ ድርጅት የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ሊገዛ ነው እንበል። ሁለት አቅራቢዎች ለመጨረሻ ቀርተዋል። አንደኛው የድሮውን መረጃ ወደ አዲሱ ሲስተም በ6 ሳምንት አዛውራለሁ ብሏል። ሁለተኛው 14 ሳምንት ጠይቋል። የድርጅቱ ዓመታዊ ቆጠራ ሊደርስ 9 ሳምንት ቀርቶታል፣ ቆጠራው ደግሞ በአዲሱ ሲስተም እንዲካሄድ ተወስኗል። የሁለተኛው ሲስተም ለሠራተኛው ይቀላል፣ ዋጋውም የሚበልጠው በትንሹ ነው። ግን ጊዜው አልሆነም።

“ካልደወልንላቸው ይገባቸዋል። እምቢ ብሎ ከመጻፍ ዝም ማለት ይሻላል።”

አይገባቸውም። ፕሮፖዛል ያስገባ ሰው ዝምታን የሚተረጉመው “ገና እያዩት ነው” ብሎ ነው። ይደውላል፣ ይጽፋል፣ ሲሰለቸው ደግሞ ለሌላ ሰው ይደውላል። ይህ ደጅ ማስጠናት ነው።

ዋጋም ያስከፍለዋል። ፕሮፖዛል ላይ የቀረበ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ለ30፣ ለ60 ወይም ለ90 ቀን የጸና ነው ተብሎ ይጻፋል። እስከዚያ ቀን ድረስ አቅራቢው በቃሉ ታስሯል። ለሥራው ያሰባቸውን ባለሙያዎች ሌላ ቦታ ለመመደብ ያመነታል። የጨረታ ማስከበሪያ ከተጠየቀ ደግሞ ገንዘቡም ተይዞበት ይቆያል።

ቂሙ የሚታወቀው በሚቀጥለው ዙር ነው። ጥሪ ሲደርሰው “ፍላጎት የለኝም” አይልም። ፕሮፖዛል ይልካል፣ ግን ለማንም የሚላከውን ዓይነት ነው። የእናንተ መጋዘን ስም ገብቶበታል እንጂ ስለ መጋዘናችሁ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። ይህን ስታዩ ያለፈው ጊዜ እንዴት እንደሸኛችሁት አስታውሱ።

መቼ ይነገረው የሚለው ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። ብዙ ግዥ ክፍሎች ከአሸናፊው ጋር ውል እስኪፈረም ሁለተኛውን ዝም ይሉታል። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ አሸናፊው ፊርማው ላይ ቢያፈገፍግ ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ ነው። ሆኖም ዝምታ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚካሄዱ ትልልቅ ግዥዎችን ብናይ፣ በብዙዎቹ ላይ የተሸነፉት ተጫራቾች የሚነገራቸው ውል ከመፈረሙ በፊት ነው። ከዚያም ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ቢያንስ 10 የሥራ ቀን ይጠበቃል። የግል ድርጅትም ነገሩን በግልጽ መናገር ይችላል፦ “ሌላ አቅራቢ መርጠናል። ውሉ ግን ገና አልተፈረመም። ፕሮፖዛልዎ እስከ ወሩ መጨረሻ ጸንቶ እንዲቆይ ፈቃደኛ ነዎት?” እሺ ካለ መልካም። እምቢ ማለትም መብቱ ነው።

“ዋጋው በዛብን ማለት ማንንም አያስቀይምም። ከሁሉ የሚሻለው ሰበብ እሱ ነው።”

ዋጋው እውነተኛው ምክንያት ከሆነ ይባል። ካልሆነ ግን ከዚህ የባሰ ሰበብ የለም። በእኔ እይታ በይሉኝታ ከሚጻፉ መልሶች ሁሉ ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ይኸኛው ነው።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሁለተኛው አቅራቢ “ዋጋው በዛብን” ተብሎ ተጻፈለት። በማግስቱ ጠዋት ኢሜይል ይመጣል፦ “ከሥራ አስኪያጃችን ጋር ተነጋግረናል፣ 15 በመቶ ቀንሰናል።” አሁን ምን ይባላል? ችግሩ 14 ሳምንቱ ነበር፣ እሱን አላነሳችሁትም። ዋጋው ደግሞ ከአሸናፊው በታች ወርዷል። ወይ አዲስ ሰበብ መፍጠር ነው፣ ወይ እንደዋሻችሁ ማመን። ሁለቱም ፊት ያስነሳል።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። አቅራቢው ያገኘው ትምህርት “እነዚህ ሰዎች ርካሽ ነው የሚፈልጉት” የሚል ነው። በሚቀጥለው ዙር ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይመጣል። ዝቅ ያደረገው ግን ከትርፉ ቀንሶ አይደለም። የሠራተኛ ሥልጠናውን አውጥቷል፣ ማታ ሲስተሙ ቢቆም የሚመጣውን ባለሙያ አውጥቷል። የወደዳችሁለት ነገር ሁሉ በእናንተው ሰበብ ጠፋ ማለት ነው። መረጃ ማዛወሪያው ግን ዛሬም 14 ሳምንት ነው፣ ምክንያቱም እንዲያሳጥረው የነገረው ሰው የለም።

ዋጋው በትክክልም በዝቶ ከሆነና ቅናሽ ብታገኙ የምትወስዱት ከሆነ፣ ያንን የምትሉት ከውሳኔ በፊት ነው። ለመጨረሻ የቀሩት ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል “የመጨረሻ ዋጋችሁን ላኩ” ይባላሉ። አይሆንም ካላችሁ በኋላ በመጣ ቅናሽ ፋይሉን መክፈት ግን ለሁሉም አንድ መልእክት ያስተላልፋል፦ የእናንተ “አይሆንም” የድርድር መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም እውነተኛ ዋጋውን ቀድሞ አይሰጣችሁም።

“እውነቱ ይነገር ከተባለ ሁሉም ይነገር። ማን እንደበለጣቸው፣ በስንት እንደበለጣቸው ይወቁት።”

ይህ ደግሞ በሌላው ጫፍ ያለ ስሕተት ነው። የአሸናፊው ዋጋና አሠራር የአሸናፊው ምስጢር ነው። ብዙ ጊዜ የምስጢር ስምምነትም ተፈርሞበታል። የመንግሥት ግዥ ከሆነ የሚገለጸውንና የማይገለጸውን መመሪያው ይወስናል። የግል ከሆነ ግን የሌላውን ቁጥር አለማውጣት ነው። ደግሞስ የሌላውን ምስጢር የነገራችሁት ሰው፣ የእሱንም ለሌላ እንደምትናገሩ አይጠረጥርም?

መስመሩ ለመያዝ አይከብድም። የእሱን ፕሮፖዛል ከእናንተ ፍላጎት ጋር አነጻጽሩ፣ ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር አይደለም። “የጠየቁት 14 ሳምንት ነው፣ ያለን 9 ነው” ማለት በቂ ነው። “ሌላው በ6 ሳምንት እጨርሳለሁ ብሏል” ማለት አያስፈልግም። አንድ ወይም ሁለት ምክንያት ይበቃል። አሥር ነጥብ የዘረዘረ ደብዳቤ አሥር ክርክር ይጋብዛል።

“መጨረሻ ላይ ‘ወደፊት አብረን እንደምንሠራ ተስፋ እናደርጋለን’ ብለን ብንዘጋ በሩ ክፍት ነው።”

ያንን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው ይጽፈዋል፣ ስለዚህ ማንም አያነብበውም። በሩን ክፍት የሚያደርገው ቀን ያለው ነገር ነው። ቀጥሎ መቼ ትገዛላችሁ? ጥሪው ለማን ይላካል? እሱስ እስከዚያ ምን ቢያስተካክል ይሻለዋል?

በተቃራኒው “በአሁኑ ወቅት” እና “ለጊዜው” የሚሉት ቃላት ለሰሚው እምቢታ አይመስሉም፣ ቀጠሮ ይመስላሉ። በየወሩ “አሁንስ?” እያለ ቢደውል ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ቁርጡን ንገሩት።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ለምሳሌያችን አቅራቢ የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦

“እንደምን ሰነበቱ። ለመጋዘን ሲስተሙ ያቀረቡልንን ፕሮፖዛል አጥንተን ጨርሰናል። ለዚህ ሥራ ሌላ አቅራቢ መርጠን ውል ፈርመናል።

የወሰነው የጊዜው ጉዳይ ነው። መረጃውን ለማዛወር 14 ሳምንት ጠይቀዋል። እኛ ደግሞ ከዓመታዊ ቆጠራው በፊት፣ በ9 ሳምንት ውስጥ ሥራ መጀመር ነበረብን። በሙከራው ቀን የመጋዘን ሠራተኞቻችን ሲስተማችሁን ቶሎ መልመዳቸውን ግን መዝግበን ይዘናል።

የአሁኑ ውል የ2 ዓመት ነው። ሊያልቅ 6 ወር ሲቀረው እንደገና ፕሮፖዛል እንጠይቃለን፣ ጥሪውም ይደርስዎታል። ሥራው ለእርስዎ ይሰጣል ማለት አለመሆኑን ግን ከወዲሁ እንገልጻለን። ጥያቄ ካለዎት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለ20 ደቂቃ በስልክ ልንነጋገር እንችላለን። ለደከሙበት ሁሉ እናመሰግናለን።”

ሁለት ነገር ልብ በሉ። እምቢታው የመጣው ገና ከላይ ነው፣ ምስጋና ውስጥ አልተደበቀም። ቃል የተገባው ደግሞ ጥሪ ብቻ ነው፣ ሥራ አይደለም። መላክ የማትችሉትን ጥሪ ግን አትጻፉ። ፕሮፖዛሉ ከነጭራሹ የማይሆን ከሆነ፣ ወይም አቅራቢው ያቀረበው ማስረጃ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ይቅር። በሩን መክፈት ለሁሉም የሚሰጥ ስጦታ አይደለም።

አቅራቢው ቢሯችሁ ድረስ መጥቶ ሲስተሙን አሳይቶ ከሆነ መጀመሪያ ይደወልለት፣ ደብዳቤው በዚያው ቀን ይከተል። ስልኩ ላይ ከደብዳቤው ውጭ አዲስ ምክንያት አትጨምሩ።

“ሥራውን ባይወስዱም ሐሳባቸውን መጠቀም እንችላለን። እነሱ ናቸው የላኩልን።”

ሁለተኛው አቅራቢ የመጋዘኑን መደርደሪያዎች በኮድ የሚለይ ንድፍ ሠርቶ ልኳል እንበል፣ የአሸናፊው ፕሮፖዛል ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ የለም። ንድፉን ለአሸናፊው አስተላልፎ “እንዲህ አድርገህ ሥራልን” ማለት ያጓጓል። በሩ ቀርቅሮ የሚዘጋው ግን እዚህ ላይ ነው። የአንድ መስክ ሰዎች ይተዋወቃሉ፣ ባለሙያዎቹም ከአንዱ ወደ አንዱ ይቀያየራሉ፣ ወሬው አይቀርም።

ንድፉን በእውነት ከፈለጋችሁት ጠይቁና ክፈሉበት። ለዚያች ቁራጭ ሥራ ብቻ የተለየ አነስተኛ ውል መስጠት ይቻላል። እንዲያውም ከሁለተኛው ጋር ግንኙነት ለመጀመር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

“እኛም አንረሳቸውም፣ እነሱም አይረሱንም።”

በ2 ዓመት ውስጥ ግዥ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ይቀየራል። አዲሱ ሰው የሚያገኘው “አልተመረጠም” የሚል አንድ ቃል ብቻ ከሆነ ጥሪው አይላክም። ፋይሉ ውስጥ የወደቀበት ምክንያት፣ የተወደደለት ነገር፣ የተገባለት ቃልና የላካችሁት ደብዳቤ ይቀመጥ። የጥሪው ቀን ደግሞ ፋይል ውስጥ ሳይሆን የክፍሉ የጋራ ካላንደር ላይ ይመዝገብ፤ ፋይልን ካልፈለጉት በቀር የሚከፍተው የለም።