ሳይፈቀድለት ገብቶ ለተጎዳ ሰው ባለይዞታው ይጠየቃል? የእንግሊዝ ሕግ መልስ

"ማን ግባ አለው?" ሳይፈቀድለት ግቢው ገብቶ የተጎዳ ሰው ካሳ ሲጠይቀው ባለይዞታ መጀመሪያ የሚለው ይህን ነው። የእንግሊዝ ሕግም ለብዙ ዘመን ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት፣ የስኮትላንድ ከሰል ድርጅት ማሽን የገደለውን የአራት ዓመት ልጅ ጉዳይ አየ። ልጆች እዚያ ሜዳ ላይ እንደሚጫወቱ ይታወቅ ነበር። ሆኖም ልጁ ያለፈቃድ የገባ ነውና ድርጅቱ አይጠየቅም ተባለ። ባለይዞታው ሆን ብሎ ወይም በለየለት ግዴለሽነት ካልጎዳ በቀር ዕዳ አልነበረበትም። ለእኔ ይህ ጨካኝ ፍርድ ነው።

ይህን ያስለወጠው አንድ የተጋደመ አጥር ነው። ጁን 1965 ለንደን አጠገብ፣ ሚቻም በሚባል ቦታ፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ከወንድሞቹ ጋር ሜዳ ላይ ይጫወት ነበር። ከሜዳው ጥግ ኤሌክትሪክ የተሸከመ የባቡር ሐዲድ አለ። በመሃል ያለውን የሽቦ አጥር አቋራጭ የሚሄዱ ሰዎች ረግጠውት፣ ከመሬት ከፍታው 25 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር። ልጁ ተሻግሮ ሐዲዱን ነካ፤ ክፉኛ ተቃጠለ። ከሳምንታት በፊት ልጆች ሐዲዱ ላይ መታየታቸው ለጣቢያው ኃላፊ ተነግሮት ነበር። አጥሩን ግን ማንም አልጠገነውም።

የሎርዶች ምክር ቤት በ1972 የባቡር ድርጅቱ ይጠየቃል ሲል የ1929ኙን አቋም ተወው። ያለፈቃድ ለገባ ሰውም ቢሆን፣ ሰብአዊነት የሚያስገድደውን ያህል ጥንቃቄ ይገባዋል አለ።

ይህ "ሰብአዊነት" ልኩ የት ድረስ ነው? ለእንግሊዝና ለዌልስ የወጣው የ1984ቱ ሕግ ሦስት ጥያቄ አስቀመጠ። ባለይዞታው አደጋው መኖሩን ያውቃል ወይም ሊያውቅ የሚገባው ምክንያት አለው? ሰው ወደዚያ ሊመጣ እንደሚችልስ? ከዚያም፣ ከአደጋው መከላከያ እንዲያደርግ መጠበቅ ተገቢ ነው? ግዴታው የሚመጣው ሦስቱም አዎ ሲሆኑ ነው። የሚቻሙን ልጅ በዚህ ብንለካው ሦስቱንም ያልፋል። ሐዲዱ እንደሚገድል ይታወቃል፣ ስለ ልጆቹ ተነግሯል፣ አጥር መጠገንም ከባድ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ የወደቀ ሰው ግን አለ። ዲሴምበር 1997፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ አንድ ሰው ፎክስቶን ወደብ ላይ ባሕር ውስጥ ዘሎ ገባ። ውኃው ከስር የደበቀው እንጨት አንገቱን ሰበረው። በበጋ ሰዎች እዚያ እንደሚዋኙ ይታወቅ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2003 ያየው ግን ሰዓቱንና ወቅቱን ነው። በክረምት፣ በዚያ ሌሊት፣ ሰው ይዘላል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ግዴታም አልነበረም፤ ካሳውም ቀረ።

ማስጠንቀቂያ መለጠፍ አንዳንዴ ግዴታውን ይወጣል። ግን ማንበብ ለማይችል ሕፃን ሰሌዳ ምን ያደርግለታል? እዚህ ላይ አጥር ያስፈልጋል። ሕጉ የሚክሰው ደግሞ የአካል ጉዳትን ነው። አጥር ዘሎ የገባ ሰው ስልኩ ቢሰበር በዚህ ሕግ አይከፈለውም።