የሐረግ ፍለጋ በፍለጋ ሞተሮች ውስጥ

የሐረግ ፍለጋ ማለት ተጠቃሚው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገባቸውን ቃላት በዚያው ቅደም ተከተልና ያለ ጣልቃ ገብ ቃል ጎን ለጎን የያዙ ሰነዶችን ብቻ ለይቶ የሚያቀርብ የፍለጋ ዓይነት ነው። አንድ ሰው ጥቅሱን ትቶ አዲስ እና አበባ የሚሉትን ሁለት ቃላት ቢፈልግ፣ ስለ ከተማዋ የሚናገሩ ገጾችም ስለ አበባ ሻጮች የሚናገሩ ገጾችም በአንድነት ሊቀርቡለት ይችላሉ። በጥቅስ ውስጥ `"አዲስ አበባ"` ብሎ ሲጽፍ ግን የጠየቀው ስለ ቃላቱ መኖር ብቻ ሳይሆን ስለ አቀማመጣቸውም ጭምር ነው፤ ይህን ለመመለስ የፍለጋ ሞተሩ እያንዳንዱ ቃል በሰነዱ ውስጥ ስንተኛ ሆኖ እንደተቀመጠ አስቀድሞ መዝግቦ መያዝ አለበት።

የፍለጋ ሞተር ጥያቄ በቀረበለት ቁጥር ሰነዶችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያነብም። በምትኩ ኢንዴክስ የሚባል፣ በመጽሐፍ መጨረሻ እንደሚገኘው የቃላት ማውጫ ያለ መዝገብ ያዘጋጃል፤ በዚህ መዝገብ ከእያንዳንዱ ቃል ፊት ለፊት ቃሉ የሚገኝባቸው ሰነዶች ቁጥሮች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ሁለት ቃላት ሲጠየቁ ሁለቱን ዝርዝሮች አስተያይቶ የጋራ የሆኑትን ቁጥሮች ማውጣት ይበቃል። ችግሩ ቃላቱ ወደዚህ መዝገብ ሲገቡ ከዓረፍተ ነገሩ ተነጥለው መበተናቸው ነው፤ የትኛው ቃል ከየትኛው እንደሚቀድም የሚናገር ነገር በሰነድ ቁጥር ውስጥ የለም።

ሦስት አጫጭር ሰነዶችን እንውሰድ። የመጀመሪያው «አዲስ አበባ ሰፊ ከተማ ናት»፣ ሁለተኛው «አበባ ሻጩ አዲስ ሱቅ ከፈተ»፣ ሦስተኛው «አዲስ ዓመት ሲገባ አዲስ አበባ ትደምቃለች» የሚሉ ናቸው። የሰነድ ቁጥር ብቻ የተመዘገበ ከሆነ አዲስ የሚለው ቃል 1፣ 2፣ 3 የሚል ዝርዝር ይኖረዋል፤ አበባም እንዲሁ 1፣ 2፣ 3። ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሁለተኛው ሰነድ ስለ ከተማዋ እንደማይናገር ከኢንዴክሱ ማወቅ አይቻልም። የቃላቱ ቦታ ሲጨመር ግን መዝገቡ እንዲህ ይሆናል፤ ከሁለት ነጥቡ በፊት የሰነዱ ቁጥር፣ በቅንፍ ውስጥ የቃሉ ቦታ ነው።

```
አዲስ   1:[1]   2:[3]   3:[1, 4]
አበባ   1:[2]   2:[1]   3:[5]
```

ፍለጋው በሁለት ደረጃ ይካሄዳል። መጀመሪያ ሁሉንም ቃላት የያዙት ሰነዶች ይለያሉ፤ ሥራው በጥቂት ሰነዶች ውስጥ ብቻ ከሚገኘው ቃል ቢጀምር ጊዜ ይቆጥባል። ቀጥሎ በእያንዳንዱ የተለየ ሰነድ ውስጥ ቦታዎቹ ይመረመራሉ፦ በሐረጉ ውስጥ ሁለተኛ ከሆነው ቃል ቦታ ላይ 1፣ ሦስተኛ ከሆነው ላይ 2 እየተቀነሰ ውጤቱ ከመጀመሪያው ቃል ቦታ ጋር እኩል መሆኑ ይታያል። በሰነድ 1 ከ2 ላይ 1 ሲቀነስ 1 ይሆናል፤ አዲስም በ1 ላይ ስላለ ሐረጉ ተገኝቷል። በሰነድ 2 ከ1 ላይ 1 ሲቀነስ 0 ይመጣል፤ አዲስ ግን በ3 ላይ ስለሆነ ሰነዱ ይወድቃል። በሰነድ 3 ከ5 ላይ 1 ሲቀነስ 4 ነው፤ ይህም ከአዲስ ሁለተኛ ቦታ ጋር ይገጥማል፣ በ1 ላይ ያለው አዲስ ደግሞ ምንም ሳያስቸግር ይታለፋል። ቦታዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደሩ በመሆናቸው ሁለቱን ዝርዝሮች አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ፊት መሄድ በቂ ነው።

ቦታ መመዝገብን ለማስቀረት የሚታሰበው አማራጭ ጎን ለጎን ያሉ ቃላትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ እንደ አንድ ቃል መመዝገብ ነው። ለሁለት ቃል ሐረግ ይህ በትክክል ይሠራል፤ ሐረጉ ሲረዝም ግን ይስታል። «የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ» የሚለው ሐረግ «የኢትዮጵያ ንግድ» እና «ንግድ ባንክ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ አንቀጽ «የኢትዮጵያ ንግድ ምክር ቤት»ን፣ በሌላው ደግሞ ስለ አንድ ሌላ «ንግድ ባንክ» የሚያነሳ ጽሑፍ ሁለቱንም ጥንዶች ስለያዘ፣ ሙሉው ሐረግ በውስጡ ባይኖርም ይቀርባል። ከዚህም በላይ የጥንዶች ቁጥር ከነጠላ ቃላት ቁጥር እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ይህ ዘዴ በብዛት ለሚጠየቁ ጥቂት ሐረጎች ማፋጠኛ ሆኖ ያገለግላል እንጂ ቦታን አይተካም።

ቦታ መመዝገብ ዋጋ አለው። በዘርፉ በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት ቦታን የያዘ ኢንዴክስ ካልያዘው ከ2 እስከ 4 እጥፍ እንደሚሰፋ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ቃል በአንድ ሰነድ መቶ ጊዜ ከተደገመ የሰነዱ ቁጥር አንዴ ሲጻፍ ቦታው መቶ ጊዜ ይጻፋል። ጉግል በ1998 የመጀመሪያ ንድፉን ሲያሳውቅ ለተራ ቃል ቦታ የመደበው 12 ቢት ብቻ ነበር፤ ከ4095 በላይ የሆኑ ቦታዎች በሙሉ 4096 ተብለው ይመዘገቡ ነበር፣ ይህም በረጃጅም ሰነዶች ጫፍ ላይ ቅደም ተከተልን መለየት አያስችልም። ሉሲን የተባለው በነፃ የሚገኝ የፍለጋ ሶፍትዌር በበኩሉ ቦታዎችን `.pos` በሚል ቅጥያ በተለየ ፋይል ያስቀምጣል፤ ሐረግ ያልጠየቀ ፍለጋ ያንን ፋይል መንካት አያስፈልገውም።

በተግባር ስህተት የሚበዛው በማነጻጸሩ ላይ ሳይሆን ቦታ በሚሰጥበት ጊዜ ነው። እንደ «እና» ያሉ ተደጋጋሚ ቃላት ከኢንዴክስ ሲወጡ ቦታቸው ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት። «ዳቦ እና ሻይ» በሚለው ውስጥ ዳቦ 1፣ ሻይ 3 ካልሆኑና ክፍተቱ ከተዘጋ፣ «ዳቦ ሻይ» ብሎ የፈለገ ሰው ያልጠየቀውን ያገኛል። ክፍተቱ ሲጠበቅም ቢሆን «ዳቦ እና ሻይ» ብሎ ለፈለገ ሰው «ዳቦ ወይም ሻይ» ያለበት ሰነድ ሊቀርብለት ይችላል፤ በመካከል የነበረው ቃል ምን እንደሆነ አይታወቅምና። በሰነድ ውስጥ እንደ ስም ያለ አንድ መስክ ብዙ ዋጋዎች ሲኖሩትም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል፦ «አልማዝ ተስፋዬ» እና «ግርማ ወልዴ» የሚሉ ሁለት ስሞች ቦታቸው ተያይዞ ቢቆጠር «ተስፋዬ ግርማ» የሚባል ሦስተኛ ሰው ይፈጠራል። ኢላስቲክሰርች የተባለው የፍለጋ ሞተር በሉሲን ላይ የተሠራ ሲሆን ይህን ለመከላከል በዋጋዎቹ መካከል በነባሪ የ100 ቦታ ክፍተት ይተዋል።

ለአማርኛ ጽሑፍ የሚብሰው ከቃል ጋር ተጣብቆ የሚጻፈው መስተዋድድ ነው። «በአዲስ አበባ» በሚለው ውስጥ የመጀመሪያው ቃል በአዲስ ሆኖ ስለሚመዘገብ፣ ቃላትን በክፍት ቦታ ብቻ የሚለይ ሥርዓት `"አዲስ አበባ"` ተብሎ ሲጠየቅ ይህን ሰነድ አያገኘውም። የተሻለው መፍትሔ ሁለቱንም ቅርጾች፣ በአዲስ እና አዲስን፣ በአንድ ቦታ ላይ መመዝገብ ነው፤ «በ»ን ለብቻው ቦታ መስጠት በሐረግ መካከል በሚመጣ ጊዜ ቆጠራውን ያዛባል።

ቃላቱ የተሰጣቸውን ቦታ ለማየት በኢላስቲክሰርች `_analyze` የሚለው ጥያቄ ያገለግላል፤ ለእያንዳንዱ ቃል `position` በሚል ስም ቁጥሩን ያወጣል፣ ቆጠራውም ከ0 ይጀምራል። የጽሑፍ መስክ `index_options` የተባለው ቅንብር ወደ `docs` ወይም `freqs` ዝቅ ከተደረገ ቦታ አይመዘገብም፤ በዚያ መስክ ላይ ሐረግ ሲፈለግም `indexed without position data` የሚል ቃል ያለበት የስህተት መልእክት ይመጣል። ይህ ምርጫ በነበረ መስክ ላይ ስለማይቀየር፣ ቅንብሩ የተስተካከለ አዲስ ኢንዴክስ ተዘጋጅቶ ሰነዶቹ በሙሉ እንደገና መመዝገብ ይኖርባቸዋል።