መልሱ ስቷል፤ አልጎሪዝሙስ?

ኮምፒውተር የራቀ መልስ ሲሰጥ ሁልጊዜ ጥፋቱ የአልጎሪዝሙ አይደለም። እነዚህን እኩልታዎች እንይ፦

```
x + y = 2
x + 1.0001y = 2.0001
```

ትክክለኛው መልስ x = 1፣ y = 1 ነው። ኮምፒውተሩ x = 2፣ y = 0 አለን እንበል። ሁለቱም በ1 ስተዋል። ከእውነተኛው መልስ ያለው ይህ ርቀት የፊት ስህተት ይባላል።

አሁን 2ን እና 0ን መልሰን እናስገባ። የመጀመሪያው እኩልታ ልክ ይመጣል። ሁለተኛው ግን 2.0001 መሆን ሲገባው 2 ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው ላይ 2.0001 የሚለው 2 ቢሆን ኖሮ መልሱ ፍጹም ልክ ነበር። ጥያቄውን የነካነው በ0.0001 ብቻ ነው፤ ይህ የኋላ ስህተት ነው።

የተረጋጋ አልጎሪዝም የሚባለው የኋላ ስህተቱ ሁልጊዜ ኢምንት የሆነ፣ ማለትም የቅርብ ጎረቤት የሆነን ጥያቄ በትክክል የሚፈታ ነው። እዚህ ያስቸገረው ጥያቄው ራሱ ነው። እኩልታዎቹ ሲሳሉ የሚሰጡት ሁለት መስመሮች ትይዩ ለመሆን ትንሽ ነው የቀራቸው፤ በጥቂቱ ሲነኩ መገናኛቸው ሩቅ ይሄዳል።