የሠርግ ቀን ሳጥን፦ ማን ይያዘው? ስንት ሰዓት ይድረስ?

«ለሠርጉ ቀን የሚያስፈልጉትን ትንንሽ እቃዎች ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ከተን ለአንደኛ ሚዜው እንሰጠዋለን።»

አንደኛ ሚዜው ጠዋት ያለው ሙሽራው ጋ ነው። ሙሽሪት ባሕር ዳር መሃል እየለበሰች የቬሎዋ ዚፕ ቢለቅ፣ መርፌና ክሩ አባይ ማዶ ተቀምጧል። ስለዚህ ሳጥኑ ለሁለት ይከፈል። የሙሽሪት ሚዜ ነጭ ክርና መርፌ፣ ብዙ መርፌ ቁልፍ፣ የጸጉር ማስያዣ፣ ሶፍት፣ ፕላስተርና ነጠላ ጫማ ትይዛለች። የሙሽራው ሚዜ ቀለበቶቹንና ከሱፉ ጋር የሚሄድ ክር ይይዛል። ለፎቶ አንሺውና ለሌሎች የሚከፈለው ቀሪ ብር ግን ሁለቱም ጋ አይቀመጥ። በየፖስታው ስም ተጽፎበት ረጋ ላለ ዘመድ ይሰጥ። ሚዜዎች ይጨፍራሉ፤ ፖስታ ደግሞ ከጭፈራ ጋር አይሄድም።

«አበባው የሙሽሪት ስለሆነ ወደ እሷ ቤት ይምጣ።»

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። የእጅ አበባውን ይዞ መጥቶ የሚሰጣት ሙሽራው ነው፤ ፎቶ አንሺውም ይህችን ቅጽበት ይጠብቃል። አበባው እሷ ቤት ከደረሰ ሙሽራው ባዶ እጁን በር ላይ ይቆማል። ሰዓቱን ከመድረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሙሽራው እሷ ቤት 4 ሰዓት መድረስ ካለበት፣ በመኪና አጀብና በጭፈራ ምክንያት ከቤቱ 3 ሰዓት ይነሳል። አበባው 2:30 ላይ እሱ ቤት መድረስ አለበት፤ ተቀባዩም ሚዜው ነው። ግንዱ እስከ መነሻ ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ ሲወጣ በሶፍት ይደረቅ፣ አለዚያ ቬሎው ላይ ይንጠባጠባል።

ለኬኩም ስሌቱ ይኸው ነው፤ እዚህ ግን በጣም ቀድሞ መድረሱም ችግር ነው። በሚያዝያ ሙቀት፣ ጣና ዳር ድንኳን ውስጥ ክሬም ብዙ አይቆምም። ሙሽሮቹ ከሚገቡበት አንድ ሰዓት ቀድሞ ይድረስ፤ ደርቡን ቦታው ላይ ለመደራረብ ይበቃል። የሚረከበው ድንኳኑ ጋ ያለ ሰው ነው። ቢላውን አብሮ ይጠይቅ።

«3 ሰዓት ብለን ከጻፍን ሁሉም ይገባዋል።»

ከውጭ የመጣች የሙሽሪት እህት ስልኳ 9:00 ሲል ሊሆን ይችላል የምታውቀው። «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በስልክ 9:00» ብላችሁ ጻፉ። ከእያንዳንዱ እቃ አጠገብ የአምጪውም የተቀባዩም ስልክ ቁጥር ይኑር።

«ውሃና ቆሎ ከጠዋቱ ጀምሮ ሳጥኑ ውስጥ ይኑር።»

ተክሊልና ቁርባን ካለ ሙሽሮቹ ከመቁረባቸው በፊት ምንም አይቀምሱም። የሚበላና የሚጠጣው ለብቻው ይታሸግ፤ ከቤተክርስቲያን ሲወጡ የሚያቀርብላቸውም አንድ ሰው ይመደብ። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ፎቶ ሲነሱ ውሃው ከስትሮ ጋር ይሁን፣ ሊፒስቲኩ እንዳይነሳ። ያን ጊዜ ከሐይቁ ነፋስ ስለሚነሳ፣ የሙሽሪት ሚዜ የጸጉር ማስያዣውን መኪና ውስጥ ጥላ አትውረድ።