ፖይንተር ምንድን ነው? ኮምፒውተር ለማይበቃው ክፍል የሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት

በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ፖይንተር የሌላ ቫሪያብልን አድራሻ የሚይዝ ቫሪያብል ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ያለ የአንድ ቤት ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ቤቱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ፖይንተርም የሚያመለክተው ዋጋ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሰርዞ የሌላ ቤት ቁጥር መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በቁጥሩ ሄዶ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ መለወጥ ደግሞ ሌላ። ተማሪዎች በብዛት የሚያምታቱት እነዚህን ሁለቱን ስለሆነ ትምህርቱ የሚያተኩረው እዚሁ ላይ ነው።

48 ተማሪዎችና 4 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያለ ኮምፒውተር ይሰጣል። ተማሪዎች አራት አራት ሆነው በ12 ቡድን ይቀመጡ፤ ለየቡድኑ አንድ ወረቀትና አንድ እስክርቢቶ ይበቃል። ወረቀቱ ላይ አድራሻ፣ ስምና ዋጋ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ይሰመራሉ፤ በአድራሻው ዓምድ 100፣ 104፣ 108 ይጻፋል። በአራት የሚዘለው `int` በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች 4 ባይት ስለሚይዝ ነው። 64 ቢት ኮምፒውተር ላይ ፖይንተር 8 ባይት ይወስዳል፤ ጠያቂ ካልመጣ ግን ዛሬ ባይነሳ ይሻላል።

የ`int` ዋጋዎቹ ሁሉ ከ20 በታች ይሁኑ። አድራሻና ዋጋ ተቀራራቢ ቁጥር ከሆኑ ተማሪው የትኛው የቱ እንደሆነ ይጠፋዋል። ላጲስም አይፈቀድ፤ የድሮው ዋጋ በአንድ መስመር ተሰርዞ አዲሱ ከጎኑ ይጻፋል። አስተማሪው የስህተቱን መነሻ የሚያገኘው ከተሰረዙት ቁጥሮች ነው።

```c
int a = 5, b = 9;
int *p = &a;
```

`&a` ማለት የ`a` አድራሻ ነው። ከዚህ በኋላ 100 ላይ 5፣ 104 ላይ 9፣ 108 ላይ ደግሞ 100 ይኖራል። `p` ራሱም ሜሞሪ ውስጥ ቦታ እንዳለው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከ`p` ወደ `a` ቀስት ለመሳል አትቸኩሉ፤ ቀስት ብቻ ያየ ተማሪ `p` ውስጥ ቁጥር መኖሩን ይረሳል። ቁጥሩ በ12ቱም ወረቀቶች ላይ በትክክል ከሰፈረ በኋላ ቀስቱ ይጨመር።

`*p` ማለት `p` በያዘው አድራሻ ላይ ያለው ዋጋ ነው። አሁን ስድስቱ ቡድኖች የመጀመሪያውን መስመር፣ ስድስቱ ሁለተኛውን ይሥሩ፦

```c
p = &b;
*p = b;
```

የመጀመሪያዎቹ 108 ላይ ያለውን 100 ሰርዘው 104 ይጽፋሉ፤ `a` አይነካም። ሁለተኛዎቹ 108 ላይ 100 የሚለውን አንብበው ወደ 100 ይሄዳሉ፣ እዚያ ያለውን 5 ሰርዘው 9 ይጽፋሉ፤ `p` አይነካም። «`*p` ስንት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ግን ሁሉም «9» ይላሉ። ይህ ጥያቄ ብቻውን የገባውን ካልገባው አይለይም። ስለዚህ `b = 1;` የሚል መስመር ጨምራችሁ ድጋሚ ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ 1፣ ሁለተኛዎቹ 9 ማለት አለባቸው። ከሁለተኛዎቹ 1 የሚል ቡድን ካለ `p` ከ`b` ጋር ተሳስሯል ብሎ አስቧል ማለት ነው፤ 108 ላይ ያለውን ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ።

`p = b;` ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም። ወረቀቱ ላይ 108 ውስጥ 9 ይገባል፤ አድራሻ 9 ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ሲ++ ይህን መስመር አይቀበልም። የቆዩ የ`gcc` ኮምፓይለር ስሪቶች ግን በሲ ሲጻፍ አስጠንቅቀው ብቻ ያልፉታል፤ ፕሮግራሙ የሚወድቀው `*p` ሲነካ ነው።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ቡድኖች ተራ በተራ 10 ደቂቃ ይሠራሉ። ኮምፓይለሩ አስቀድሞ በፍላሽ ተጭኖ ይጠብቅ፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ግምቱን በወረቀት ያልጻፈ ቡድን ኪቦርድ አይነካም። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ውጤቱን ከግምቱ ጋር ያመሳክራል፣ አራተኛው ልዩነቱን ይመዘግባል። መብራት ቢጠፋ ወረቀቱ ላይ መቀጠል ይቻላል።

```c
printf("%p %d\n", (void*)p, *p);
```

ስክሪኑ ላይ 100 አይወጣም፤ የሚወጣው ፊደል የተቀላቀለበት ረጅም ቁጥር ነው፣ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥርም ሊለወጥ ይችላል። ይህን አስቀድማችሁ ካልነገራችኋቸው ኮዳቸው የተበላሸ መስሏቸው መነካካት ይጀምራሉ። የሚመሳከረው አድራሻው ሳይሆን የ`*p` ዋጋ ነው።

`int *p; *p = 5;` የሚለውን በኮምፒውተር አታሳዩ፣ በወረቀት ይበቃል። አድራሻ ሳይሰጠው የተጠቀሙበት ፖይንተር አንዳንዴ ፕሮግራሙን ይጥላል፣ አንዳንዴ ግን የሠራ ይመስላል፤ ከአራቱ ኮምፒውተሮች በአንዱ «ሠራ» ካለ ያንን ከተማሪው አእምሮ ማውጣት ይከብዳል። ወረቀቱ ላይ 108 ባዶ ስለሆነ ቡድኑ የት እንደሚሄድ አያውቅም፣ እዚያው ይቆማል።