ጣሪያው ጥገና ነው ወይስ ማሻሻያ? በአሜሪካ የአከራይ የተጣራ ገቢ አሰላል

አሜሪካ ውስጥ ቤት የሚያከራይ ሰው ግብር የሚከፍለው ተከራዩ በሰጠው ገንዘብ ሁሉ ላይ አይደለም። ከኪራዩ ላይ የሞርጌጅ ወለድ፣ የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ይቀነሳል። የሕንፃው የእርጅና ቅናሽም አለ። የቀረው የተጣራ የኪራይ ገቢ ስኬጁል ኢ በሚባለው ቅጽ ላይ ይሞላል። የሞርጌጁ ዋና ብድር ግን አይቀነስም። በየወሩ ከኪሳችን ስለሚወጣ ወጪ ይመስላል እንጂ የራስን ዕዳ መክፈል ነው።

ነገሩ የሚጠላለፈው ጥገና ላይ ነው። ጥገና ከሆነ ወጪው በዚያው ዓመት ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል። ማሻሻያ ከሆነ ደግሞ ወደ ቤቱ ዋጋ ይደመርና በ27.5 ዓመት ተከፋፍሎ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። አካውንታንቶች ይህን ካፒታላይዝ ማድረግ ይሉታል።

ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ ሦስት ነገሮችን ያያል። ሥራው ንብረቱን ከነበረበት የተሻለ አድርጎታል? የፈረሰውን ወይም ዋና ክፍሉን በአዲስ ተክቷል? ለሌላ አገልግሎት እንዲውል ለውጦታል? ለአንዱ መልሱ «አዎ» ከሆነ ማሻሻያ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ስለ ቤቱ በጥቅሉ ብቻ አይደለም። የውሃ መስመሩ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣው ለየብቻቸው ይታያሉ። ቤቱ ያለው አንድ ማሞቂያ ብቻ ሆኖ እሱ ሙሉ በሙሉ ከተቀየረ፣ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው ማለት አያዋጣም። ከዚያ ሥርዓት አንጻር ትልቅ ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንይ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለዓመታት ሲከራይ የቆየ ቤት አለ እንበል። የተገዛው በ400,000 ዶላር ነው፤ ከዚህ 100,000ው የመሬቱ ዋጋ ነው። መሬት ስለማያረጅ የእርጅና ቅናሽ የሚሰላው በ300,000ው ላይ ነው፤ ለ27.5 ዓመት ሲካፈል በዓመት 10,909 ዶላር ይሆናል። ኪራዩ በወር 3,000፣ በዓመት 36,000 ነው። ወለድ፣ የንብረት ግብርና ኢንሹራንስ አንድ ላይ 17,500 ወጣባቸው።

በዓመቱ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ በ450 ተሠራ። ተከራይ ሲለቅ ቀለም ለመቀባት 1,800 ወጣ። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን በ700 ተቀየረ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ጣሪያው ከሥሩ ካለው ጣውላ ጀምሮ በ11,000 ታደሰ።

ባለቤቱ አራቱንም «ጥገና» ብሎ ከጻፈ ቅጹ 6,359 ዶላር ኪሳራ ያሳያል። ትክክለኛው ስሌት ግን ሌላ ነው። ቧንቧውና ቀለሙ ጥገና ናቸው። ማሽኑ አዲስ ዕቃ ቢሆንም፣ በደረሰኝ ከ2,500 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ ምርጫው በግብር ማሳወቂያው ላይ ከተገለጸ በአንዴ ይቀነሳል። ጣሪያው ካፒታላይዝ ይደረጋል። በዓመት 400 ነው፤ ግን ጥቅምት ላይ ስለተጀመረ ለመጀመሪያው ዓመት የሚቆጠርለት ሁለት ወር ተኩል ብቻ፣ ማለትም 83 ዶላር ነው። ውጤቱ 4,558 ዶላር ትርፍ ሆነ። በአንድ ጣሪያ ምክንያት ኪሳራው ወደ ትርፍ ተገለበጠ።

የጣሪያውን ደረሰኝ በአራት ቆራርጦ እያንዳንዱን ከ2,500 በታች ማድረግስ? ይህ ብልሃት በየቡና ጠረጴዛው ይወራል። አይሠራም። ሥራው አንድ ስለሆነ የሚታየውም እንደ አንድ ነው።

ጣውላው ሳይነካ የላይኛው ሽፋን ብቻ ቢቀየርስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይለሰልሳል። ደንቡ ራሱ ባስቀመጠው ምሳሌ፣ ማፍሰስን ለማስቆም የጣሪያውን የውጭ ሽፋን በተመሳሳይ መተካት ማሻሻያ አይደለም። ስለዚህ ኮንትራክተሩ ደረሰኙ ላይ «አዲስ ጣሪያ» ብሎ ብቻ እንዳይጽፍ። ምን እንደነሳ፣ ምን እንደተካ፣ ቀድሞ የት ያፈስ እንደነበር ይዘርዝር። ከሥራው በፊት የተነሳ ፎቶም ይጠቅማል።

ለአነስተኛ አከራይ ሌላ በርም አለ። ሕንፃው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ካልበለጠ፣ የዓመቱ የጥገናና የማሻሻያ ወጪ በድምሩ ከሕንፃው ዋጋ 2 በመቶ ወይም ከ10,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ከአነስተኛው ካልበለጠ ሁሉም በአንዴ ሊቀነስ ይችላል። በምሳሌያችን ገደቡ 6,000 ነው፤ የወጣው ግን 13,950 ነው። አልፏል። በአንድ ዶላር እንኳ ካለፈ በሩ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ምርጫው በየዓመቱ፣ ማሳወቂያው በጊዜው ሲገባ አብሮ መያያዝ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር ጊዜው ነው። አዲስ የተገዛ ያረጀ ቤት ተከራይ ከመግባቱ በፊት ሲታደስ፣ ሲገዛ የነበረውን ጉድለት ማስተካከሉ እንደ ጥገና አይታይም። ያው ወለል ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ተከራይ እያለበት ተበላሽቶ ያው ሠራተኛ ቢያስተካክለው ጥገና ሊሆን ይችል ነበር።