ማገርሸት ምንድን ነው? አንዲት ሲጋራና የጅማ ቅዳሜ

በክረምት የጅማን ቀይ ጭቃ የረገጠ ሰው ማዳለጥ ምን እንደሆነ አስረጂ አያሻውም። እግር ይሸሻል፣ እጅ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል። ከዚያ ሰውየው ወይ ቀጥ ይላል ወይ ጭቃው ላይ ይዘረጋል። በሁለቱ መካከል ግን አጭር ጊዜ አለች። ሱስ ስለማቆም ስናወራ ይህቺን ጊዜ እንዘላታለን። ሰው ካቆመ በኋላ አንድ ጊዜ ከነካ ለሁሉም ያለን ቃል አንድ ነው፦ «አገረሸበት»።

ቃሉ የመጣው ከበሽታ ነው። ወባ ያገረሻል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይከርምና አንድ ቀን ይነሳል፤ ታማሚው ያጠፋው ነገር የለም። ሲጋራ እንዲህ አይደለም። ማንም ሰው ተኝቶ ሳለ ሲጋራ አፉ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ እኔ ነገሩን ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንድ ሲጋራ፣ ወይም አንድ የተበላሸ ቀን፣ ማዳለጥ ነው። ማገርሸት የምለው ሰውየው በየቀኑ ወደሚያጨስበት የድሮ ልማዱ ሲመለስ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው።

በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። እኔም አጫሽ ነበርኩ፤ ያቆምኩት በአራተኛው ሙከራ ነው። ይህን ስለሚያውቅ ነው የሠፈራችን የባጃጅ ሹፌር አንድ ሰኞ ጠዋት በሬን ያንኳኳው። 36 ዓመቱ ነው። ለ12 ዓመት በቀን 15 ሲጋራ ያህል ያጨስ ነበር። አቁሞ 23 ቀን ሞልቶት ነበር።

«ጋሼ፣ አለቀልኝ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «እኔ ወኔ የለኝም።»

ቡና እስኪፈላ የሆነውን ነገረኝ። ቅዳሜ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ስለነበረ ተሳፋሪ ጠፋ። ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አልሞላም፣ በስልክም ተጨቃጨቁ። ምሳ አልበላም። 8 ሰዓት ላይ ጓደኛው ደውሎ «ቆጪ ሠፈር ነን፣ ና ትንሽ እንጫወት» አለው። ሄደ። ጫት አላቆመም፤ ያቆመው ሲጋራ ብቻ ነው። በርጫው ላይ ከአምስት ሰው ሦስቱ አጫሽ ናቸው። 10 ሰዓት ገደማ፣ ምርቃናው ሞቅ ሲል፣ አጠገቡ ያለው ለኮሰና ፓኬቱን መሃል ላይ አስቀመጠው። እጁ ሄደ። ጭንቅላቱ ዞረበት፣ እንዲያውም አልጣመውም። «ካጨስኩ አይቀር» ብሎ አራት ደገመ። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ፓኬት ገዛ። እሑድን ከፓኬቱ ጋር ዋለ።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳትከው?» አልኩት።

«ሲጋራውን ሳነሳ ነዋ!»

ሁሉም የሚመልሰው ይህንን ነው። ለእቅድ ግን አይረዳም፤ ከዚህ መልስ የሚወጣው መፍትሔ «በሚቀጥለው አታንሳ» ብቻ ነውና። እሱማ 23 ቀን ሙሉ ሲያደርገው የነበረ ነው። ስለዚህ ደብተር አውጥተን ከሲጋራው ወደ ኋላ መሄድ ጀመርን። ከሲጋራው በፊት ምን ነበር? የፓኬቱ መሃል ላይ መቀመጥ። ከዚያስ በፊት? ከአጫሹ አጠገብ መቀመጡ። ለምን እዚያ ተቀመጥክ? ድሮም ቦታው ያ ነው። ማቆምህን ያውቃሉ? አያውቁም፤ «ይስቁብኛል ብዬ አልነገርኳቸውም» አለ። ከዚያ በፊት? ጥሪውን እሺ ማለቱ። ከዚያ በፊት? ባዶ ሆድና ንዴት።

ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ውሳኔው እየቀለለ ይመጣል። 10 ሰዓት ላይ፣ መርቅኖ፣ ጭስ እየሸተተው፣ ፓኬት ፊቱ ተቀምጦ «አልፈልግም» ማለት ለማንም ከባድ ነው። 8 ሰዓት ላይ ስልክ ይዞ «ዛሬ አልችልም» ማለት ግን ይቻላል። 7 ሰዓት ላይ ምሳ መብላት ደግሞ ምንም ወኔ አይጠይቅም። እነዚያ ትንንሽ ውሳኔዎች ሲወሰኑ ሲጋራ የሚባል ነገር አይነሳባቸውም። ለዚህም ነው የማይታዩት።

ሌላው የጠየቅኩት ቀኑን ነው። የኒኮቲን እጦት ሰውነትን አጥብቆ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ እየለዘበ ሄዶ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ያዳለጠው ሰው ችግሩ በአብዛኛው ሰውነቱ ነው። እሱ የሚያስፈልገው የሚለጠፍ ወይም የሚታኘክ የኒኮቲን ምትክ ነው፤ ሐኪም ወይም ፋርማሲ ይጠይቅ። በ23ኛው ቀን ያዳለጠውን ግን የያዘው ቦታው ነው። ለዓመታት ጫትና ሲጋራን አብሮ ያስለመደ አእምሮ ምርቃና ሲመጣ ሲጋራውን ይጠራል። ሹፌሩ ባጃጅ ሲነዳ ሳምንት ሙሉ ሀራራ አልነበረበትም። በርጫው ላይ ተመለሰ። ለሁለቱ ዓይነት መዳለጥ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት ራስ ለሚያመው የሆድ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው።

አሁን ወደ «ካጨስኩ አይቀር» ልመለስ። እኔን የሚያስፈራኝ ከመጀመሪያዋ ሲጋራ ይልቅ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ጾም የገደፈ ሰው ጠዋት አንድ ጉርሻ በልቶ «እንግዲህ ገድፌያለሁ» ብሎ ቀኑን ሙሉ እንደሚበላው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለን ማርላት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጠጪዎችንና አጫሾችን ሲያጠና ይህንን ለይቶ አስቀምጦታል። ያዳለጠው ሰው ስለ መዳለጡ ለራሱ የሚሰጠው ምክንያት ቀጣዩን ይወስናል አለ። «እኔ ደካማ ነኝ» ያለ ሰው ነገ ሊለውጠው የሚችል ነገር የለውም፤ ድክመት ነገም አለ። «ሳልበላ፣ ተናድጄ፣ ከአጫሾች መሃል ተቀመጥኩ» ያለ ሰው ግን ሦስት የሚለወጡ ነገሮች በእጁ አሉ። በኋላ የመጡ አንዳንድ ጥናቶች ጸጸቱ ያን ያህል ኃይል እንዳለው አልተስማሙም። እኔ ግን ሹፌሩ ቅዳሜ ማታ ያንን ፓኬት የገዛው ሀራራ ስለያዘው ነው ብዬ አላምንም። አለቀልኝ ስላለ ነው የገዛው።

ይህን ስል ግን አንዲት ሲጋራ ምንም አይደለችም ማለቴ አይደለም። አንድ የደገመ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ድሮው ይመለሳል። «ለመፈተን አንድ ብቻ» የሚሉትን በተለይ አልወድም፤ ፈተናውን ያለፈው ሰው «እንግዲህ መቆጣጠር እችላለሁ» ብሎ ሁለተኛ ይፈተናል።

ስለዚህ ያን ሰኞ ያደረግነው ይህ ነው። መጀመሪያ የተረፉትን ሰባት ሲጋራዎች ውሃ ውስጥ ከተትናቸው። ለጓደኛ መስጠት አይሆንም፤ ነገ ከዚያው ጓደኛ ይለምናል። ሌላ «የማቆሚያ ቀን» አልቀጠርንም። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ» ማለት እስከዚያ አጭስ ማለት ነው። 23ቱንም ቀን አልሰረዝናቸውም። ከዚያ እቅዱን ነካካነው፤ የድሮ እቅዱ አንዲት መስመር ነበረች፣ «አላጨስም» የምትል።

ጫቱንም አብረህ ተወው አልኩት። «ጋሼ፣ ሁለቱንም ከወሰዱብኝ ቅዳሜ ምን ልሠራ ነው?» አለ። ልክ ነው ብዬ አላምንም፣ ግን እሱ የማይፈጽመውን እቅድ መጻፍ ወረቀት ማበላሸት ነው። ተደራደርን። ለአንድ ወር ቆጪ አይሄድም፤ ከቃመም ከማያጨሰው ወንድሙ ጋር ብቻ ይቅማል። 7 ሰዓት ላይ፣ ገበያ ኖረም አልኖረም፣ ምሳ። ለጓደኞቹ በዚያው ቀን በስልክ ነገራቸው። አንዱ ሳቀ፣ ሁለቱ ምንም አላሉም። ባጃጁ ውስጥ ላይተሩ በነበረበት ቦታ የገብስ ቆሎ ተቀመጠ። ሀራራ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ነው የሚያልፈው፤ ቆሎው ለዚያች ጊዜ ነው። የጻፍነውም በዚህ ዓይነት ነው፦ «ጓደኛዬ ከደወለ፣ ተሳፋሪ ይዣለሁ እለዋለሁ።» «አንድ ካጨስኩ፣ ሁለተኛውን ሳልለኩስ ከቦታው ተነስቼ ጋሼ ጋ እደውላለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አላማረችውም። «እንደገና እንደማጨስ አድርገው ነው የጻፉት» ብሎ ቅር አለው። መኪና ውስጥ ተጠባባቂ ጎማ የሚይዝ ሰው ጎማው እንዲፈነዳ ይመኛል እንዴ?

እና ፈነዳ። ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደወለ። ጫቱን ከወንድሙ ጋር ቅሞ፣ ለጨብሲ ብቻውን ቢራ ሊጠጣ ወጥቶ፣ ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ ከጎኑ ካለ ሰው አንድ ተቀብሏል። ግማሹን አጭሶ ረግጦታል። ፓኬት አልገዛም። እቅዳችን በርጫውን ዘግቶ ጨብሲውን ክፍት ትቶት ነበር። ስህተቱ የእኔም ነው፤ መጠጥ ማጨስን እንደሚጎትት እያወቅኩ ማታውን አልጠየቅኩትም። በማግስቱ እቅዱ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፤ በቃመበት ቀን ቢራ የለም።

(እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ካገረሸበት በኋላ በድንገት ቀጥ አድርጎ ላቁም ቢል መንቀጥቀጥ፣ ቅዠት፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል። እሱ ደብተር ሳይሆን ሆስፒታል ነው የሚያስፈልገው።)

ሁለቱን መዳለጦች ጎን ለጎን ሳያቸው ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የመጀመሪያው አምስት ሲጋራ፣ አንድ ፓኬትና ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለተኛው ግማሽ ሲጋራና አንድ ስልክ። እቅድ እየተሻለ መሆኑን የማውቀው በዚህ ነው፤ ከመዳለጥ እስከ መቆም ያለው ጊዜ ያጥራል፣ የመዳለጡ ምክንያትም አዲስ ይሆናል። አንድ ሰው በዚያው ቦታ፣ ከነዚያው ሰዎች ጋር፣ በዚያው ሰዓት ሦስቴ ካዳለጠው ግን እቅዱ አልተለወጠም፤ ቃላቱ ብቻ ናቸው የተለወጡት።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ቆጪ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ቢራው። ሦስተኛውን ገና አልሞላውም፤ ከላይ ብቻ «ለቅሶ ቤት ብሄድስ?» ብሎ ጽፏል። አጎቱ አጋሮ ታመው ተኝተዋል።